ዌብሳይታችን ውስጥ የተቀመጠው እድር

አንድ ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ እልል ብያለሁ። ሠርግ የለ፣ ክርስትና የለ፣ ብቻዬን፣ ከቀራንዮ ወደ ኮልፌ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ። አጠገቤ የጎመን ጆንያ ታቅፈው የተቀመጡ እናት ደንግጠው አማተቡ። ወያላው ከበሩ አንገቱን መለስ አድርጎ «እህት፣ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?» አለኝ።

«ይበልጣል!» አልኩት።

ስልኬ ላይ የደረሰኝ አንድ ስክሪንሾት ነበር። በአራት ረድፍ የተደረደሩ ቁጥሮች ፎቶ። በቁጥር እልል የሚል ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ግን ከሥሩ ካላስረዳሁ እብድ ናት ትሉኛላችሁ፤ ሙሉ በሙሉ ባትሳሳቱም።

በዚያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ባለ የብረት በርና መስኮት ወርክሾፕ እሠራ ነበር። በያጅ አይደለሁም፤ ብየዳ ሲጀመር መጀመሪያ የምሸሸው እኔ ነኝ። የኔ ሥራ ዌብሳይቱ ነው። የበሮቹን ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ለደንበኛ የሚጠቅም ጽሑፍ እጽፋለሁ። በር ከማዘዝዎ በፊት እንዴት ይለካሉ፣ ዝገት ከየት ይጀምራል፣ የመስኮት ፍርግርግ ሲመርጡ ምን ይጠይቃሉ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከጽሑፎቼ አንዱንም አንብበው አያውቁም፤ በሁሉም ግን ይኮሩ ነበር። ለመጣ ሰው ሁሉ «ልጅቷ ጻፈችው» ይሉና ስልካቸውን ገልብጠው ይሰጣሉ።

የወርክሾፑ ግማሽ የታላቅ እህታቸው ነው። እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ መርካቶ የራሳቸው ሱቅ ያላቸው፣ ወሬ የማይወዱ፣ ሲቀመጡ እንኳ ወንበሩን መጀመሪያ ነቅነቅ አድርገው የሚፈትሹ ሴት ናቸው። የዌብሳይቱ የዓመት ውል ሊያልቅ ሲቃረብ መጡና ቆመው ተናገሩ።

«የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እመለሳለሁ። ዌብሳይቱን ሰው የማይጠቀምበት ከሆነ እንዘጋዋለን። የልጁ ቪዲዮ ይበቃናል።»

ልጁ የሚሉት የወንድማቸውን፣ የጋሼን ልጅ ነው። በያጅ ነው፤ ደግሞ የብየዳ ቪዲዮ እየቀረጸ በሶሻል ሚዲያ ይለቃል። ብልጭታው እንደ ርችት ሲረጭ፣ ከሥሩ ሙዚቃ፣ መጨረሻ ላይ የተጠናቀቀው በር። ያምራል፤ ቅናቴ ቢያንቀኝም ያምራል። ዌብሳይቱ ከተዘጋ እሱ ቪዲዮውን ይቀጥላል። እኔ ግን ጓዜን ጠቅልዬ ቤቴ ነው የምገባው። ይህን ሥራ ደግሞ እንደ ነፍሴ እወደው ነበር።

አሁን ወደ ስክሪንሾቱ። ዌብሳይቱን የሠራልን ባለሙያ ሐዋሳ ገብቶ ቀርቷል፤ የጎብኝ መቁጠሪያውንም በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው። ስለዚህ በየሰኞው የሳምንቱን ሠንጠረዥ ፎቶ አንስቶ ይልክልናል። ማየት እንችላለን፣ መነካካት አንችልም። የእትዬን ማስጠንቀቂያ በሰማን ማግስት የደረሰውን ስልኬ ላይ ስከፍት ጋሼና ልጁ ግራና ቀኝ ተደገፉኝ።

ሦስቱ ረድፎች ሰው ከየት እንደመጣ ይናገራሉ። ሶሻል ማለት ከልጁ ቪዲዮ ተነስቶ የመጣው ነው። ፍለጋ ማለት ኢንተርኔት ላይ «የበር አለካክ» ብሎ ጽፎ ሲፈልግ እኛን ያገኘው። ቀጥታ ማለት አድራሻውን ራሱ ጽፎ የገባው፣ ወይም ከየት እንደመጣ መቁጠሪያው ያላወቀው። አራተኛው የሁሉም ድምር ነው። ከየረድፉ ፊት ለፊት ስንት ጊዜ እንደተገባ፣ ባውንስ ሬት የሚባለው፣ በመጨረሻም አንድ ጉብኝት በአማካይ የቆየበት ጊዜ አለ።

«ባውንስ ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ።

«ገብቶ አንድ ገጽ ብቻ አይቶ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ የወጣ ነው ጋሼ። ከመቶው ስንቱ እንዲያ እንዳደረገ ነው የሚነግረን።»

«ገብቶ? ሳይቀመጥ?»

«ሳይቀመጥ።»

ጣታቸውን ሶሻል ላይ አሳረፉ። ከመቶው ዘጠና ገደማ። የቆይታው አማካይ ጥቂት ሴኮንድ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን አድርገናቸው ነው?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሰው እንዴት ቤት ገብቶ፣ አረፍ ሳይል ይወጣል?»

እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የፍለጋው ረድፍ ከመቶው አርባ ያህሉ ብቻ ነው የወጣው፤ አማካይ ቆይታው ሦስት ደቂቃ ይደርሳል። «የአንተ ሰዎች» አልኩት ልጁን፣ «በር ከፍተው ይቅርታ ተሳስቼ ነው ብለው የሚሮጡ ናቸው።»

«ያንቺዎቹ ደግሞ ገብተው አይነሱም» አለኝ። «ግን ስንት ናቸው? ሁሉም በአንድ ሚኒባስ ይጫናሉ። ትርፍ ሳይጫን!»

በዚህ መሐል ጋሼ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። «አንድ ሰው ገብቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጠው፣ ተቀመጠ ተብሎ ይቆጠርለታል?»

«ኧረ አይቆጠርም። እየነካካ መቆየት አለበት፤ አንዱን በር ከፍቶ፣ ተመልሶ፣ ሌላውን ከፍቶ።»

«ገባኝ» አሉና ወጡ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሰኞ ነው ታክሲው ውስጥ እልል ያልኩት። የአጠቃላዩ ረድፍ ሌላ ሰው ሆኖ መጥቷል! ባውንሱ ወርዶ ወርዶ ከግማሽ በታች፣ አማካይ ቆይታው ከአንድ ደቂቃ በታች የነበረው አሥር ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረው። አሥር ደቂቃ! በአሥር ደቂቃ ሰው ታሪኩን ተናግሮ ይጨርሳል። ከታክሲው ወርጄ ወርክሾፑ እስክደርስ መሬት አልረገጥኩም። ሐሳቤ ሁሉ «አነበቡኝ፣ አገር አነበበኝ» ነው። የመስኮት ፍርግርግ ጽሑፌን ባለፈው ሳምንት ነበር ያወጣሁት፤ እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ስለ ፍርግርግ እንደዚያ የጻፈ ሰው በእውነት አልነበረም።

ልጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስክሪንሾቱን አየ። ጋሼ ከጀርባው ቆመው ያፏጫሉ። ጋሼ አያፏጩም፤ በዚህ ብቻ መጠርጠር ነበረብኝ።

ደስታዬን ላጣጥም ብዬ ያለፈውን ሳምንት ፎቶና የዚህን ሳምንት ጎን ለጎን አደረግኩ። ባላደርገው ይሻል ነበር። ፍለጋ ያው ነው። ሶሻልም ያው ነው፤ ዘጠናዎቹ ዛሬም እየሮጡ ነው። ድምሩን ያን ያህል ያነሳው አንድ ረድፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ቀጥታ። ባለፈው ሳምንት ጥቂት ሰው ብቻ የነበረበት ረድፍ አሁን ከሶሻል ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። ባውንሱ የለም ማለት ይቻላል። አማካይ ቆይታው ሃያ ደቂቃ። ጤነኛ ሰው የብረት በር ሃያ ደቂቃ አያይም። ጽሑፌ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሚጨምረው የፍለጋው ረድፍ ነበር።

ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ቆሎ ልገዛ ወጣሁ። የእድሩ እቃ ቤት፣ ድንኳኑና ድስቱ የሚቀመጥበት፣ ከወርክሾፓችን ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ከፊቱ ያለው አግዳሚ ላይ አምስት ሽማግሌዎችና እናቶች ተደርድረው፣ ሁሉም ስልካቸው ላይ አቀርቅረው፣ ጣታቸው ይሠራል። ጫፍ ላይ አባባ አሉ። አባባ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ስልካቸውን እንደ መሪ በሁለት እጅ ይዘውታል። ተጠግቼ አየሁ። የኛ በር ነው። ቀጥሎም የኛ በር። ከዚያ ሌላ የኛ በር።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ተቀምጠናል» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«የት?»

«እናንተ ዌብሳይት ውስጥ ነዋ! የኔ ፈረቃ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ እሳቸው ይረከቡኛል» ብለው አጠገባቸው ያሉትን እናት በአገጫቸው አሳዩኝ።

ጋሼ የእድሩ ሰብሳቢ መሆናቸውን ረስቼ ነበር። አባባ የእድሩን ግሩፕ ከፍተው መልእክቱን አሳዩኝ። «የተከበራችሁ አባላት፣ ከመካከላችን የአንዱ ቤት ሰው እየገባ ሳይቀመጥ እየወጣበት ተቸግሯል። ስለሆነም በሦስት ፈረቃ ከዚህ በታች ባለው አድራሻ እየገባን እንድንቀመጥለት። ስልኩን አስቀምጦ መሄድ አይቆጠርም፤ መነካካት ግዴታ ነው። ያልተገኘ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ይቀጣል።» ከሥሩ የዌብሳይታችን ሊንክ። ከግሩፕ ሊንክ ነክቶ የሚገባን ሰው ያ መቁጠሪያ ከየት እንደመጣ ስለማያውቀው ቀጥታ ብሎ ነው የሚመዘግበው። አገር አነበበኝ ያልኩት እድሩ ኖሯል።

እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። እንባዬ እስኪወርድ፣ ቆሎው እስኪበተን ሳቅሁ። አንዷ እናት የደረሰብኝ ነገር ያለ መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ በሌላው እጃቸው ግን መነካካታቸውን አላቆሙም፤ ቅጣት አለዋ።

ተመልሼ ጋሼን ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። ምንም አላፈሩም። «ሰው ሲቸገር ያልደረሰ እድር ለመቼ ነው?» አሉኝ። እንዲህ ሲባል ምን ይመለሳል? ለኔ ብለው ነው ያደረጉት። ልቆጣ ፈልጌ አቀፍኳቸው።

ልጁ ግን ጥግ ጠርቶኝ ያልጠበቅኩትን ነገር አለኝ። «ዝም በዪ። እትዬ የሚያዩት ድምሩን ነው። ድምሩን አሳይተሽ ሥራሽን ያዢ። ከኔ በኩል አይወጣም።» በቀልድ ስንጎነታተል የኖርነው ልጅ! ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሐሳቡ እየመጣ ይፈትነኝ ነበር። ግን በማይረባ ኩራቴ አቃተኝ። ያላነበበኝን ሰው አነበበኝ ብዬ ሥራ ይዤ ብውል፣ እያንዳንዱን ጽሑፍ ስጽፍ ያ አግዳሚ ፊቴ ሊደቀን ነው።

ቅዳሜ እትዬ መጡ፤ ወንበሩን ነቅነቅ አድርገው ፈተሹና ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ስክሪንሾቱን ሰጥቼ፣ ከመናገራቸው በፊት እኔ ቀደምኩ።

«እትዬ፣ ቀጥታ የሚለው ረድፍ እውነተኛ ደንበኛ አይደለም። እድሩ ነው።»

እትዬ ወንድማቸውን ቀና ብለው አዩ። ጋሼ ጣሪያውን አዩ። እትዬ አልሳቁም፤ ከንፈራቸው ግን ሊያመልጣቸው ሲል ሰብሰብ አደረጉት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ረድፉን ከላዩ ሸፈኑት።

«ይሄ የለም። የቀረውን ንገሪኝ።»

«አጠቃላዩንም ይሸፍኑት እትዬ። እሱም በዚሁ የተነፋ ነው።»

በሌላ ጣት ሸፈኑት። ሁለት ረድፍ ቀረ። ሶሻል ብዙ ሰው ያመጣል፣ አብዛኛው ወዲያው ይወጣል። ፍለጋ ጥቂት ያመጣል፣ እነሱ ግን ይቆያሉ፣ ከገጽ ገጽ ይዞራሉ አልኩ። ልጁ በመሐል ገባ፤ ልክም ነበር። «እትዬ፣ አንድ ሰው ቪዲዮውን አይቶ ገብቶ፣ ስልክ ቁጥራችንን ከገጹ ላይ ጽፎ ወጥቶ ቢደውልም ባውንስ ነው የሚባለው። የወጣ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም።»

«ጥሩ» አሉ እትዬ። «የቆየውስ? የሚነካ ሁሉ ያነባል? እድሩም ሃያ ሃያ ደቂቃ ነክቷል። ያንቺም ሦስት ደቂቃ መነካካት እንዳይሆን በምን አውቃለሁ?»

ስክሪንሾቱ ሰው መቆየቱን ይናገራል፤ ሲቆይ ምን እንዳሰበ አይናገርም። እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። እሳቸው መነጽር አወለቁ ማለት ነገር አለቀ ማለት ነው። ጋሼ ጣሪያውን ማየት ትተው መሬቱን ማየት ጀመሩ።

በዚህ መሐል አባባ በሩን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ገቡ። በአንድ እጃቸው ሦስት፣ በሌላውም ሦስት የሲባጎ ቁራጭ አንጠልጥለዋል።

«በር ላዝዝ ነው የመጣሁት» አሉ። «የግቢ በር። እነዚህ ሦስቱ ወርድ ናቸው፤ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች። እነዚህ ቁመት፤ ከግራ፣ ከመሐል፣ ከቀኝ። ከየሦስቱ አጭሩን ቋጥሬዋለሁ፤ በአጭሩ ነው የሚሠራው ይላል።»

«ማነው የሚለው?» አሉ እትዬ።

«ጽሑፉ ነዋ! የመጀመሪያው ቀን ቅጣቱን ፈርቼ ዝም ብዬ ስነካ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን በሩ ሁሉ አለቀብኝ፤ የምነካው ሳጣ ማንበብ ጀመርኩ። ‹ግድግዳዎ ቀጥ ያለ ቢመስልዎትም አይመኑት፤ ሦስት ቦታ ይለኩት› ይላል። የኔ በር ከተተከለ ጀምሮ መሬት እየጫረ፣ ጎረቤት እየቀሰቀሰ ነው የኖረው። አንድ ቦታ ብቻ ነበር የተለካው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ መሬቱ ነው ያበጠው እል ነበር።»

ያቺን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት፣ እንደሰረዝኳት የማውቀው እኔ ነኝ። ግድግዳዎን አይመኑት። ከአባባ አፍ በቃሏ ስትወጣ ማልቀስ ይሁን መሳቅ ሳይለይልኝ ሁለቱንም አደረግኩ።

እትዬ ሲባጎውን ተቀብለው ሦስቱን ቁራጭ ጎን ለጎን አስተያዩ። እውነትም አንድ አይደሉም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኚህ ሰው እዚህ ፎቶ ላይ የትኛው ረድፍ ውስጥ ናቸው?»

«ከአውራ ጣትዎ ሥር» አልኩ።

እትዬ አውራ ጣታቸውን አነሱ። የተሸፈነውን ረድፍ ትንሽ አዩት፣ ከዚያም ያ የተሰበሰበው ከንፈራቸው ለቀቃቸውና ሳቁ። እትዬ ሲስቁ ወርክሾፑ ውስጥ የሰማ አልነበረም፤ ከውጭ ብየዳው ቆመ።

«ዌብሳይቱ ይቀመጥ» አሉ። «አንተ እድርህን ዛሬውኑ ከዚያ አስወጣ፤ ቁጥሩ እውነቱን ይናገር። አንተስ፣ ቪዲዮህን ያየው ሰው ሲነካ የት ነው የሚገባው?»

«ዋናው ገጽ» አለ ልጁ።

«የአለካኩ ገጽ ይግባ!» አልን እኔና እሱ እኩል። የሚቀጥለው ቪዲዮም እዚያው ተወጠነ፤ ብልጭታ ሳይሆን የአባባ ሲባጎ።

ማታውን ጋሼ ለግሩፑ ጻፉ። «የተቸገረው አባላችን ቤት ደህና ሆኗል። ፈረቃው ተነስቷል። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በሰላም ውጡ።»

ፈረቃው የሌለበት የመጀመሪያው ሳምንት አልቆ፣ ሰኞ፣ ያው ታክሲ፣ ያው የኋላ ወንበር። ስክሪንሾቱ መጣ። ቀጥታ እንደ ጥንቱ ጥቂት ሰው ብቻ ሆኗል፣ ድምሩ ወርዷል፣ ከሶሻል የሚሮጠው ሰው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ቀነስ ብሏል። እውነተኛ ቁጥር ነው፤ እውነተኛ ቁጥር እልል አያሰኝም። ስልኩን ልዘጋው ስል ጠራ። አባባ ናቸው።

«ልጄ፣ ፈረቃው ተነስቷል አሉን» አሉኝ። «የዝገቱን ጽሑፍ ግን አልጨረስኩትም። ሳልታዘዝም መግባት ይቻላል?»

«ይቻላል አባባ» አልኳቸው። ስልኩን ስዘጋ አልቻልኩም፤ እልል አልኩ።

ወያላው ዞር አለ። ያው ወያላ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ሎተሪ?»

«ይበልጣል!»

«ስንት ደረሰሽ?»

«አንድ ሰው» አልኩት።